የጥግ ዓርማን ከቪዲዮ ላይ ቆርጦ ማስወገድ፦ ሰው ሳይወፍር፣ ራስ ሳይቆረጥ

የሠርግ ቪዲዮ ሲቀናበር የስቱዲዮው ዓርማ በቀኝ የላይኛው ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጥሬው ቀረጻና የቅንብሩ ፋይል እስካሉ ድረስ ዓርማውን ማንሳት ቀላል ነው፤ ከቅንብሩ ላይ አጥፍቶ እንደገና ማውጣት ብቻ ነው። ነገር ግን ስቱዲዮዎች ዲስካቸውን ለቀጣዩ ሥራ ስለሚፈልጉት ጥሬው ቀረጻ ይሰረዛል። ከጊዜ በኋላ ባለቤቱ የድርጅቱን ስም ይቀይርና የድሮ ሥራዎቹን ያለ ድሮው ዓርማ ለደንበኞች ማሳየት ይፈልጋል። በእጁ ያለው ዓርማው ከምስሉ ጋር አብሮ የታተመበት አንድ ፋይል ብቻ ነው።

እዚህ የማብራራው እንደዚህ ያለውን ሥራ ነው። ቪዲዮው ሐዋሳ ውስጥ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ላይ የተነሳ ሠርግ ሲሆን ቀራጩም አቀናባሪውም አንድ ሰው ነው፤ ዓርማውም የራሱ ነው። ይህን መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኦዲዮቪዥዋል ሥራ ጥበቃ ያለው ሥራ ነው፤ ዓርማ ስለተቆረጠ የሌላ ሰው ቪዲዮ የቆራጩ አይሆንም።

ወደ ሥራው እንግባ። ምስሉ 1920 ፒክስል ወርድና 1080 ፒክስል ቁመት አለው። ይህ 16 ለ 9 የሚባለው ምጣኔ ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ በአግድም የተያዘ ስልክም የሚጠብቀው ይህንኑ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ከቆረጥን በኋላ የሚቀረው ክፍል ራሱ 16 ለ 9 መሆን አለበት። አለበለዚያ መልሰን 1920 በ1080 ስናደርገው ወይ ምስሉ ይለጠጣል፣ ወይ ጥቁር ጠርዝ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ከቀኝ ያለውን ቁራጭ ብቻ አስወግዶ የቀረውን ወደ ሙሉ ስፋት መለጠጥ ነው። በዚህ ቪዲዮ ላይ ያንን ብናደርግ ሁሉም ሰው በ13 በመቶ ይወፍራል። ሙሽራዋ ትቀየማለች፤ የመኪናው ጎማም እንቁላል ይመስላል።

መጀመሪያ ዓርማው በትክክል የት እንዳለ መለካት ያስፈልጋል። በዓይን ግምት አይሆንም። `ffmpeg` በሚባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ከቪዲዮው ላይ አንድ ምስል በሙሉ መጠኑ እናወጣለን፦

```
ffmpeg -ss 00:01:30 -i serg.mp4 -frames:v 1 frame.png
```

ይህን ምስል በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ስንከፍት ጠቋሚው ያለበት ቦታ በፒክስል ይነበባል። ቆጠራው ከግራ የላይኛው ጥግ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ምስል ግን አይበቃም። ነጭ ዓርማ ከቬሎ ወይም ከደመና ፊት ሲያልፍ ጠርዙ ይጠፋል፤ ሐይቁ በመሸ ሰዓት ጠቆር ሲል ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በላይ ዓርማው ለስላሳ ጥላ ሊኖረው ይችላል፤ ቪዲዮው ሲታመቅም በዓርማው ዙሪያ ጥቂት ፒክስሎች የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ። መለካት ያለበት እስከ ጥላውና እስከ ነጠብጣቡ ነው። ዓርማው ሲገባ የሚዞር ወይም የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ በጣም የሰፋበትን ቅጽበት መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ ሠርግ ላይ ዓርማው በአግድም ከ1704 እስከ 1876፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ከ42 እስከ 134 ድረስ ተቀምጧል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ከላይ 134፣ ከቀኝ ደግሞ 216 ፒክስል ሁለቱንም መቁረጥ ያለበት ይመስለዋል። አንዱ ይበቃል። ከላይ ያለው 134 ፒክስል ከተነሳ ዓርማው አብሮ ይሄዳል፤ ከቀኝ ያለው 216 ፒክስል ከተነሳም እንዲሁ። ሁለተኛው ጎን የሚቆረጠው ምጣኔውን ለመጠበቅ ብቻ ነው፤ ለዓርማው ሲባል አይደለም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በኋላ እንደምናየው ግን የሙሽራውን ራስ የሚያድነው እሱ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማቅለል ይቻላል። የብዙዎቹ ቪዲዮዎች ቀለም ለእያንዳንዱ ሁለት በሁለት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመዘገብ ወርዱም ቁመቱም ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለባቸው። ሙሉ ተጋማሽነትንና ትክክለኛ 16 ለ 9ን አንድ ላይ የሚያሟሉ መጠኖች ደግሞ የሚገኙት ወርዱ በ32፣ ቁመቱ በ18 እየቀነሰ ሲሄድ ነው። እኔ ይህንን አንድ እርከን እለዋለሁ። 1920 በ1080 የሆነ ምስል 60 እርከን ነው፤ 1280 በ720 የሆነው 40፣ 3840 በ2160 የሆነው ደግሞ 120። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ስንት እርከን እንውረድ የሚል ብቻ ይሆናል።

ከቀኝ ለመቁረጥ 216ን ለ32 ስናካፍል 6.75 ይመጣል፤ ስለዚህ 7 እርከን። ከላይ ለመቁረጥ 134ን ለ18 ስናካፍል 7.44 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 8 እርከን። በቀኝ በኩል መሄድ ይረክሳል። 7 እርከን ስንወርድ ወርዱ 1696፣ ቁመቱ 954 ይሆናል። ዓርማው ከ1704 ስለሚጀምር በመካከላቸው የ8 ፒክስል ትርፍ አለ፤ ለነጠብጣቡ ይበቃል። ትርፉ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብቻ ሆኖ ከመጣ አንድ እርከን መጨመር ይሻላል፤ ጠርዝ ላይ የሚቀር የሚርመሰመስ መስመር ከዓርማው ባልተናነሰ ዓይን ይስባል።

ይህ ስሌት በዓርማው ቅርጽ ይለዋወጣል። ስምና ስልክ ቁጥር በአንድ ረጅም መስመር የተጻፈበት ከሆነ ከላይ መቁረጥ ይረክሳል። እንደዚህኛው ጠበብ ያለ ወይም ወደ ታች የወረደ ከሆነ ከጎን መቁረጥ።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ ደረስን። ከቀኝ 224 ፒክስል ሲሄድ ዓርማው ጨርሶ ወጥቷል። ከቁመት የሚቀነሰው 126 ፒክስል ግን ከየት እንደሚቀነስ የምንወስነው እኛ ነን። ሁሉንም ከላይ፣ ሁሉንም ከታች ወይም በሁለቱ መካከል አከፋፍለን መውሰድ እንችላለን። በኋላ በምናየው ትእዛዝ ውስጥ ይህንን የሚወስነው ከ`crop` አራት ቁጥሮች የመጨረሻው ነው፤ ከ0 እስከ 126 ያለ ማንኛውም ተጋማሽ ቁጥር ይሠራል። 0 ካልን ከላይ ምንም አይነካም፣ 126ቱ በሙሉ ከታች ይሄዳል። 126 ካልን ተቃራኒው ይሆናል።

የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሁለት ነገሮች ለዚህ ቦታ ይሻማሉ። አንደኛው ራስ ነው። ቀራጩ ሙሽሮቹን ቀረብ አድርጎ ሲያነሳ ከሙሽራው ፀጉር በላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ትንሽ ነው፤ በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ፀጉሩ በ70ኛው ፒክስል ላይ የሚጀምርባቸው ቀረጻዎች አሉ። ከላይ 126 ከቆረጥን ግንባሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። ሙሽሮቹ በሐይቁ ዳር ሲራመዱ ስማቸውና ቀኑ ከታች ከ960 እስከ 1040 ባለው ቦታ ተጽፏል። ከላይ ምንም ሳንነካ ሁሉንም ከታች ከወሰድን ምስሉ 954 ላይ ያበቃል፤ የስማቸው ጽሑፍ ጨርሶ ይጠፋል። መካከለኛ ቁጥር እንምረጥ ብንል፣ ለምሳሌ 90፣ ምስሉ ከ90 እስከ 1044 ይሆናል። ጽሑፉ ይተርፋል፤ ግን ከታችኛው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የሙሽራው ፀጉርም ይነካል። ሁለቱንም የሚያበላሽ መካከለኛነት ነው።

መፍትሔው አንድ ቁጥር ለሙሉ ቪዲዮው አለመጠቀም ነው። ጽሑፉ ያለበት ቀረጻ ሙሽሮቹ ከሩቅ የሚታዩበት፣ ከራሳቸው በላይ ሰማይና ዛፍ የሞላበት ሰፊ ምስል ነው። እዚያ ከላይ 126 ቢሄድ የሚጎዳ የለም። በቀሪው ቪዲዮ ላይ 20 ብንጠቀም ደግሞ ከፀጉሩ በላይ 50 ፒክስል ይተርፋል። ጽሑፉ ያለበት ቀረጻ ከ5 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ እስከ 5 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይቆያል፤ ማለትም ከ312ኛው እስከ 324ኛው ሴኮንድ። ትእዛዙ እንዲህ ይሆናል፦

```
ffmpeg -i serg.mp4 -vf "crop=1696:954:0:'if(gte(t,312)*lt(t,324),126,20)',scale=1920:1080:flags=lanczos,setsar=1" -c:v libx264 -crf 18 -preset slow -c:a copy serg_new.mp4
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሚቀረውን ምስል ወርድና ቁመት ይናገራሉ። ቀጥሎ ያለው 0 ከግራ ጠርዝ ጀምር ማለት ነው፤ ከቀኝ 224 የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በቅንፍ ያለው ደግሞ በተባለው ጊዜ 126፣ በሌላው ጊዜ 20 ተጠቀም ይላል። መቀያየሪያው ሰዓት ግን በትክክል አንዱ ቀረጻ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ላይ መውደቅ አለበት። በቀረጻው መሃል ከወደቀ ምስሉ ድንገት ይዘላል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይሰማዋል። በቀረጻዎቹ መገናኛ ላይ ከሆነ ማንም አያስተውለውም።

የትእዛዝ መስመር ለማይወድ ሰው በማንኛውም የቅንብር ፕሮግራም ላይ ሥራው ያው ነው። ምስሉን ወደ 113.2 በመቶ ማሳደግ፣ ከዚያ የምስሉ ግራ ጠርዝ ከመስኮቱ ግራ ጠርዝ ጋር እስኪገጥም ወደ ቀኝ መግፋት። ዓርማው ከመስኮቱ ውጭ ይወድቃል። ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተቱ ያንኑ የ126 ፒክስል ውሳኔ ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ቀረጻ ለየብቻ ማስተካከልም ይቻላል።

ከመቁረጥ በፊት ግን በቀኝ ጠርዝ ላይ ማን እንደቆመ መመልከት ይገባል። የቤተሰብ ፎቶ በሚነሳበት ቀረጻ ላይ ሚዜዎቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሰልፈው ከሆነ 224 ፒክስል ሲሄድ የመጨረሻዋ ሚዜ ግማሽ ሆና ትቀራለች። እንዲህ ባለው ቀረጻ ውዱን መንገድ መምረጥ ያዋጣል፤ 8 እርከን ወርዶ ምስሉን 1664 በ936 ማድረግ። ያኔ ዓርማው ከላይ በሚቆረጠው 144 ፒክስል ይወጣል፤ ከወርዱ የሚቀነሰውን 256 ደግሞ ሰው ከሌለበት ጎን፣ ለምሳሌ ከግራ፣ መውሰድ ይቻላል። የአንድ እርከን ልዩነት በዓይን አይታወቅም፤ የተቆረጠች ሚዜ ግን ለዘላለም ትወራለች።

ከሚያጋጥሙ ስህተቶች ውስጥ ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው መነሻ ቦታውን ሳይጽፉ መተው ነው። ትእዛዙ ወርድና ቁመት ብቻ ከተሰጠው ቁራጩን ከምስሉ መሃል ይወስዳል። በዚህ ቪዲዮ ላይ ያ ማለት ከ112 እስከ 1808 ማለት ነው፤ ዓርማው በግማሽ ተሰንጥቆ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ግማሽ ዓርማ ያየ ሰው ችግሩ እዚህ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ሰው ስሌት ይሰለችና ቁጥሩን ወደ ድፍን ያዞረዋል፤ 1700 በ950 ብሎ ይቆርጣል። ይህ 16 ለ 9 አይደለም፤ 34 ለ 19 ነው። ወደ 1920 በ1080 ሲያሳድገው ፕሮግራሙ ምጣኔውን ለመጠበቅ ብሎ ፋይሉ ውስጥ ፒክስሎቹ ካሬ አይደሉም የሚል ማስታወሻ ይጽፋል። ማስታወሻውን የሚያነብ ማጫወቻ ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር ያሳያል፤ የማያነበው ደግሞ ምስሉን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። ያው ፋይል በኮምፒውተር አንድ ዓይነት፣ በቴሌቪዥን ሌላ ዓይነት የሚሆነው በዚህ ነው። እርከኑን የተከተለ ሰው ይህ አይደርስበትም። በትእዛዙ መጨረሻ ያለው `setsar=1` ፒክስሎቹ ካሬ ናቸው ብሎ ያውጃል፤ ግን የተሳሳተ ቁራጭን አያርምም፤ ልጥጠቱን ይሸፍነዋል እንጂ።

ውጤቱን ከ`ffmpeg` ጋር አብሮ በሚመጣው `ffprobe` እንዲህ ማረጋገጥ ይቻላል፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=width,height,sample_aspect_ratio,display_aspect_ratio -of default=nw=1 serg_new.mp4
```

መልሱ `1920`፣ `1080`፣ `1:1` እና `16:9` መሆን አለበት። የተሳሳተው ቁራጭ ቢሆን ኖሮ፣ `setsar` ካልተጨመረበት፣ ሦስተኛው ቁጥር `153:152` ብሎ ያጋልጠው ነበር። ለዓይን ደግሞ ክብ ነገር መፈለግ ነው። ከፊት ለፊት ወይም በትክክል ከጎን የታየ ጎማ ወይም ሳህን ወርዱና ቁመቱ በዋናው ቪዲዮ ላይ እንደነበረው መሆን አለበት።

ጥራቱስ? ከ3600 ክፍል 2809ኙ ይቀራል፤ ማለትም ከዋናው ምስል 78 በመቶ። የቀረው ወደ ሙሉ መጠን ሲያድግ ጎደሎው በግምት ይሞላል፤ አዲስ ዝርዝር አይፈጠርም። የ13 በመቶ ማደግ በደህና ብርሃን በተነሳ ቀረጻ ላይ እምብዛም አይታይም። በአዳራሽ ውስጥ፣ በጨለማ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ የተነሳው ላይ ግን ጥሬ ነጠብጣቡ አብሮ ያድጋል። ምስሉን በማጥሪያ ይበልጥ ጥርት ለማድረግ መሞከር ደግሞ በፊት ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ስለሚያወጣ አልመክረውም። ዋናው ጥንቃቄ ቆርጦ አስቀምጦ፣ ከዚያ ደግሞ ከፍቶ አሳድጎ ሁለት ጊዜ አለማውጣት ነው። እያንዳንዱ ማውጣት ምስሉን እንደገና ያምቀዋል። ከላይ ያለው ትእዛዝ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ድምፁንም ሳይነካው ይገለብጠዋል።

ጨርሶ ማሳደግ የማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ ከላይና ከታች እኩል 136 ፒክስል በጥቁር መሸፈን። ዓርማው 134 ላይ ስለሚያበቃ ከጥቁሩ ሥር ይገባል፤ ምስሉም የሲኒማ መልክ ይይዛል። ምንም አይለጠጥም፣ ምንም አያድግም። ዋጋው ግን ሩብ ያህል ምስል ነው፤ ያውም ከላይና ከታች ብቻ። የሙሽራው ፀጉርም የስማቸው ጽሑፍም አብረው ይሄዳሉ። ለሐይቁና ለታቦር ተራራ ሰፊ ቀረጻዎች ያምራል፤ ለቅርብ ፊት አይሆንም።

ቪዲዮው የሚታየው በስልክ፣ የሚላከውም በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ ወደ 1920 መመለስ ራሱ አስፈላጊ አይደለም። በትእዛዙ ውስጥ `scale=1920:1080` የሚለውን `scale=1280:720` ማድረግ ይበቃል። 1696 ከ1280 ስለሚበልጥ ምስሉ ያንሳል እንጂ አያድግም፤ ፋይሉ ይቀላል፣ ጠርዞቹም ጥርት ብለው ይቀራሉ። ዋናው ፋይል በ3840 በ2160 የወጣ ከሆነ ደግሞ 106 እርከን፣ ማለትም 3392 በ1908 ቀርቶለት ወደ 1920 በ1080 ሲያንስ ዓርማው እንደነበረ የሚናገር የጥራት ጉድለት አይኖርም።